ባንዳ፣ ባንዶች፣ ባንዳንድ፦ ፈታሹ ፕሮግራም የሚያየውና የማያየው

ቻናል የሚያዘጋጁ ሰዎች ጽሑፋቸውን ሁልጊዜ ወዲያው አይለቁትም። ጽሑፉ ሰዓቱ እስኪደርስ ወረፋ ይይዛል። በዚህ መሀል አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሦስት ነገር ይፈትሻል፦ የተከለከለ ቃል አለበት ወይ? ሊንኩ ይሠራል ወይ? ምስሉ አለ ወይ? ሦስቱም ቀላል ይመስላሉ። ለአማርኛ ግን የመጀመሪያው ቀላል አይደለም።

አንድ ቃል እንውሰድ፦ «ባንዳ»። ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ለተዋጉ ያገር ተወላጆች የተሰጠ ስም ነበር፤ ዛሬ በፖለቲካ ጭቅጭቅ መሰደቢያ ሆኗል። አንድ ጠንቃቃ አዘጋጅ በክልክል ዝርዝሩ ቢያስገባው አይፈረድበትም።

አሁን ወረፋው ላይ ሦስት ጽሑፎች አሉ እንበል። አንደኛው ታሪክ ነው፦ «በ1933 ዓ.ም. ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ሲሰጥ ባንዳው ወዴት ሄደ?» ሁለተኛው የገበሬ ወሬ ነው፦ «ባንዳንድ የጉና ቀበሌዎች ውርጭ ገብሱን መታው።» ሦስተኛው ግልጽ ስድብ ነው፦ «እናንተ ባንዶች!»

ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ያግዳል። ሁለተኛውንም ያግዳል፤ «በአንዳንድ» አጥሮ «ባንዳንድ» ሲባል «ባንዳ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ተከታትለው ይገኙበታልና። ሦስተኛውን፣ ስድቡን፣ ያሳልፋል! ምክንያቱ የፊደላችን ጠባይ ነው። በአማርኛ አናባቢው ከተነባቢው ጋር በአንድ ፊደል ተዋህዷል። ቃሉ ሲበዛ «ዳ» ወደ «ዶ» ይለወጣል፤ ለኮምፒዩተሩ ደግሞ «ዳ» እና «ዶ» ዝምድና የሌላቸው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

«ቃሉን ብቻውን ሲቆም ብቻ ያዝ» ቢባል ገብሱ ይድናል፤ ነገር ግን «የባንዳ»፣ «ለባንዳው»፣ «ባንዳነት» ያመልጣሉ። ስለዚህ አዘጋጁ ከፊትና ከኋላ የሚቀጠሉትን አንድ በአንድ መዘርዘር ይኖርበታል። «ባንዶች»ን ቢጨምር ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሙዚቃ ባንዶች የተጻፈው ዜና ይታገዳል። ፊደሉ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ።

በቀላሉ የሚፈታ ችግርም አለ። «ጎሰኛ» የሚለው ቃል በ«ሰ» ወይም በ«ሠ»፣ በ«ጎ» ወይም በ«ጐ» ሊጻፍ ስለሚችል አራት መልክ አለው። ፕሮግራሙ ከማነጻጸሩ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ቢመልሳቸው አራቱንም ይይዛል። ይህ ግን በጽሑፉ ቅጂ ላይ ይሁን፤ የጸሐፊውን አጻጻፍ መለወጥ የፈታሹ ሥራ አይደለም።

ወደ ሊንክ እንምጣ። አራት ነጥብ ከአድራሻው ጋር ተጣብቆ ከተጻፈና ፕሮግራሙ እስከሚቀጥለው ክፍት ቦታ ካነበበ፣ «።» የአድራሻው አካል ሆኖ ጤነኛው ሊንክ «የተሰበረ» ይባላል። ከዚህ የባሰው፣ «ገጹ የለም» የሚለውን 404ን እና ጭራሽ መልስ አለመምጣቱን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ፈታሽ ሊንኮቹን ሁሉ ሞተዋል ይላል። የሞተው ግን መንገዱ ነው። መልስ ያልመጣለት ሊንክ ቆይቶ ደግሞ ይሞከር እንጂ ከጽሑፉ አይውጣ።

የምስሉ ነገር አጭር ነው። ቴሌግራም በተለመደው አካውንት ከምስል ግርጌ ከ1,024 ፊደላት በላይ አይቀበልም። ረጅም ጽሑፍ ከምስል ጋር ወረፋ ሲይዝ ፈታሹ ፋይሉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን የጽሑፉንም ርዝመት ይቁጠር። የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ምስል መለጠፉን ግን አያውቅም። እሱን የሚያውቀው ሰው ነው።

ወደ «ባንዳ» እንመለስ፤ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የቃላት ዝርዝር የለውም። የሚጠይቀው ንግግሩ ሆን ተብሎ በማንነታቸው ምክንያት በሰዎች ላይ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን ያነሳሳ እንደሆነ ነው፤ ለጥናት፣ ለዜና ዘገባና ለሥነ ጥበብም በር ይተዋል። በዝርዝሩ ካሉት ቃላት አንዱንም ሳይጠቀም ሕዝብን በሕዝብ ላይ የሚያነሳ ጽሑፍ ፈታሹን ሳይነካ ያልፋል። የአርበኞችን ታሪክ ደግሞ «ባንዳ» ሳይሉ መጻፍ አይቻልም።

ስለዚህ ፈታሹ ቃል ሲያገኝ ጽሑፉን ማጥፋትም፣ ቃሉን በኮከብ መሸፈንም የለበትም። ዓረፍተ ነገሩን ሙሉውን አውጥቶ ለአዘጋጁ ያሳየው፤ አዘጋጁም አንብቦ ይወስን፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ ይመዝገብ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 የቅድሚያ ምርመራን በማንኛውም መልኩ ከልክሏል። መንግሥት እንዳያደርገው የተከለከለውን፣ ማንበብ ለማይችል ፕሮግራም በፈቃዳችን ማስረከብ ምን የሚሉት ነው?