ቡና በደጋ አገር ስለ ምን ይኮመጥጣል?

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች ቡና ኮምጣጣ ሆኖ በቀረበ ጊዜ፣ ወቀሳው ብዙውን ጊዜ የሚወርደው በሸጠው ነጋዴ ወይም ባፈላችው እመቤት ላይ ነው። ለሚቀጥለውም ጊዜ መድኃኒቱ ቡና መጨመር ይመስላል። ነገር ግን ቡናው ሲጨመር ኮምጣጣነቱ ይበረታል እንጂ አይለቅም፤ ገንዘቡም ከአተላው ጋር አብሮ ይደፋል።

የተቆላ ቡና ያለውን ሁሉ ለውኃ ባንድ ጊዜ አይሰጥም። ቀድሞ የሚሟሟው ኮምጣጣው ነው፤ ጣፋጩ ቀስ ብሎ ይከተላል፤ መራራው በመጨረሻ ይወጣል። ከቡናው ክብደት ውኃ ሊያሟሟው የሚችለው ወደ 30 በመቶ ያህል ሲሆን፣ የሙያው ሊቃውንት ለአፍ ይስማማል የሚሉት ከ18 እስከ 22 በመቶ በወጣ ጊዜ ነው። ውኃው ከዚያ አስቀድሞ ከቡናው ከተለየ፣ ኮምጣጣው በስኒው ውስጥ ብቻውን ይገኛል፤ ሊያለዝበው የሚገባው ጣፋጭ ግን በአተላው ውስጥ ይቀራል።

ይህም በደጋ የሚበዛበት ምክንያት አለው። በትምህርት ቤት ውኃ አፍልተን በቴርሞሜትር ስንለካ፣ ተማሪዎቻችን መጽሐፋቸው 100 ዲግሪ ሲል መሣሪያው 91 ላይ ቆሞ ቢያዩት ተሰብሯል ብለው ነበር። መሣሪያው ግን ደኅና ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ጭነት ስለሚቀንስ፣ ውኃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና 91 ይሆናል፤ በባሕር ዳር 94፣ በጉና ተራራ ራስ ላይ ደግሞ 86 ያህል ነው። እሳት ቢጨመር እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ የፈላው ውኃ ከዚህ አይሞቅም። ስለዚህ ከትኩሳቱ ያጣነውን ከአወቃቀጡና ከጊዜው መፈለግ ግድ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከባሕር ዳር ሲመጡ የዘጌ ቡና ይዘው ነበር። ከቅዳሴ መልስ ቡናው ሲቀርብ ቀምሰው፣ «የኔታ፣ ይህ ቡና በቤቴ እንዲህ አልነበረም፤ በመንገድ ተበላሽቶ ይሆን?» አሉን። አስቀድመን ጥሬውን አሸተትነው። ፍሬው ሲደርቅ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ኮምጣጤ ይሸት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ ውቀጣም ሆነ ጊዜ አያድነውም። ሽታው ንጹሕ ነበር። ቆሎውም ሳይነጣ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። ቀጥሎ ቶናውን ቀመስን፤ ከአቦሉ ይልቅ ጣፈጠ። ከዚህም አቦሉ ሊወስድ የሚገባውን ሳይወስድ መቅረቱ ታወቀ።

አተላውን ብናይ ገሚሱ እንደ ቅንጬ ሻካራ ነበር። ውኃ ወደ ቡናው የሚገባው ከላዩ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ትልቁ ስብርባሪ ልቡ ሳይነካ ይወጣል። ልጃቸውም ዳግመኛ ስትወቅጥ በወንፊት ነፍታ፣ የቀረውን ወደ ሙቀጫው መልሳ፣ በጣት ሲያሹት እንደ ደቃቅ አሸዋ እስኪሆን አደቀቀችው። ለግማሽ ሊትር ውኃ 30 ግራም የነበረው መጠን አልተነካም፤ ጊዜውም እንደ ፊተኛው ሆነ። ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር ቢለወጥ የትኛው እንዳስተካከለው አይታወቅምና። ኮምጣጣነቱ ቀነሰ፤ ቡናው ግን ገና ቀጭን ነበር፤ ጣዕሙም ከምላስ ላይ ቶሎ ይጠፋ ነበር።

ቀጥሎ ጊዜውን አየን። ጀበናው ገና ሲገነፍል ማውረድ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ነገር ግን ዛሬ የተቆላ ቡና በውስጡ ብዙ ጋዝ ስለሚይዝ ፈጥኖ አረፋ ያነሣል፤ ስለዚህ መገንፈሉ ለመብሰሉ ምልክት አይሆንም። ልጂቱ ሲገነፍል ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ ሲረግብ በለዘበ ፍም ላይ እየመለሰች 4 ደቂቃ ያህል ቆየች፤ ከዚያም አውርዳ እስኪሰክን ጠበቀች። እናቲቱ ሲቀምሱት «አሁን የዘጌው ነው» አሉ።

ከዚህ በላይ ማድቀቅና ማቆየት ግን ወደ ሌላ ጉዳት ያደርሳል። ቡናው መራራ ሆኖ ምላስን ያደርቃል፤ ዱቄት የሆነውም ሳይሰክን ከስኒው ይወርዳል። ይህ ሲታይ ጊዜውን በአንድ ደቂቃ መቀነስ ነው።

በጀበና ፈንታ የፈላ ውኃ በማጣሪያ ላይ በማፍሰስ የሚያዘጋጁም አሉ። በጀበና ቡናው ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚፈላ 91ዱን ሳይለቅ ይቆያል፤ በማጣሪያ ግን ውኃው በቀዝቃዛ ዕቃ ላይ ሲወርድ ብዙ ዲግሪ ያጣል። እንዲህ የሚያደርጉ ማጣሪያውንና ዕቃውን አስቀድመው በፈላ ውኃ አሙቀው፣ ማንቆርቆሪያውን ከፍላቱ ሳያቀዘቅዙ ያፍስሱ።

አቦሉ በዚህ ዓይነት ሲስተካከል ቶናው እንደ ቀድሞው አይወፍርም፤ ጣፋጩ አስቀድሞ በአቦሉ ወጥቷልና። እናቲቱም ይህን አይተው፣ በቶናው ላይ አንድ ማንኪያ አዲስ ቡና እንድትጨምር ልጃቸውን አዘዙ፤ በረካውን ግን እንዳለ ተዉት።