የጾም እራት በሽሮ ሜዳ

በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ወር፥ ከባላገር የመጣን ሁለት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፥ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፥ በጉለሌ ሽሮ ሜዳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ከትምህርት ጓደኞቻችን ጋር ገና አልተላመድንምና አንድ ዓርብ ማታ አራቱን እራት ጠራናቸው። ቀኑ ጾም ስለ ሆነ ሽሮ እንሠራለን አልን። እናቶቻችን ሲሠሩት እያየን ያደግነው ነገር ስለ ሆነ አላሳሰበንም ነበር።

4 ራስ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፈን አቁላላን፤ ዘይትና 7 ኩባያ ውሃ ጨምረን አፈላን። ከዚያ በኋላ 2 ኩባያ የሽሮ ዱቄት በሚንተከተከው ውሃ ላይ በአንድ ጊዜ ገለበጥንበት፤ ስሕተታችንም ይኸው ነበር። ዱቄቱ ላዩ ወዲያው ስለሚበስል ውስጡን ደረቅ እንደ ያዘ ጓጎለ። አስቀድመን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠነው፥ ወይም በአንድ እጅ እየነሰነስን በሌላው ብናማስለው ኖሮ ይህ ባልደረሰብን። ጓጓላውን በማማሰያ ከድስቱ ጎን እያስጠጋን ስናፈርስ መብራት ጠፋ።

ሽሮ መብሰሉ የሚታወቀው ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ የእኛው ግን ገና ጥሬ ጥሬ ይሸት ነበር። የቤቱ ባለቤት እማማ ችግራችንን አይተው ማንደጃና ከሰል ሰጡን። «ልጆቼ፥ እደጅ አቀጣጥሉት፤ ወደ ቤት እንዳታስገቡት፥ ያፍናችኋል» አሉን። ከሰሉ እስኪግም ድረስ ሽሮው ረጋ፤ ደንግጠን ውሃ ብናበዛበት ከልክ በላይ ቀጠነ። በዚሁ መካከል እንግዶቹ ደረሱ፤ አራት ያልናቸው ስድስት ሆነው መጡ። በመሶባችን የነበረው እንጀራ 4 ብቻ ነው።

ካልጋው ሥር ግን ያንዳችን እናት የላኩልን አንድ ከረጢት ድርቆሽ ነበር። የከተማ ልጆች «የባላገር ስንቅ» ብለው እንዳይስቁብን የደበቅነው ነው። ብናወጣው ልናፍር፥ ባናወጣው እንግዶቻችን ጦማቸውን ሊያድሩ ሆነ። ጥቂት ተያየንና ጎትተን አወጣነው።

ሽሮው ዘይቱ እስኪንሳፈፍ ድረስ ከተንተከተከ በኋላ አወረድነው፤ ድርቆሹን ጨምረንበት ከድነን ጥቂት አቆየነው። ሽሮው ወፍራም ቢሆን ኖሮ ድርቆሹ የሚጠጣው አጥቶ ደረቅ እንደ ሆነ በቀረ ነበር፤ ያፈርንበት ቅጥነት ለፍትፍት ልክ ሆነ። ደጋግሞ ማማሰል እንደ ገንፎ ስለሚያደርገው ከሥሩ አንድ ጊዜ ብቻ ገለበጥነው፤ አራቱን እንጀራ በትሪው ላይ አንጥፈን ፍትፍቱን አፈሰስንበት።

በሻማ ብርሃን ስምንት ሆነን ከበብን። በመጀመሪያ ማንም አልተናገረም፤ እኛም ፊታቸውን ለማየት አልደፈርንም። ኋላ አንዱ የመርካቶ ልጅ፥ «አያቴ እንዲህ ታበላኝ ነበር» ብሎ ትሪውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው፤ ማዶ የተቀመጠው ደግሞ መልሶ ጎተተው።

መብራት የመጣው ትሪው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ከረጢቱን መልሰን መደበቅ ረስተነው ኖሮ አፉን ከፍቶ በክፍሉ መካከል ቆሟል፤ ከእንግዶቻችን አንዲቱ ከአጠገቡ ተቀምጣ ደረቁን ድርቆሽ ታቆረጥመው ነበር።