አንድ ሃርድ ዲስክ ብቻውን ባክአፕ አይደለም

ዛሬ የምንነግራችሁ በእኛው እጅ የጠፋ አማና ነው፤ በእናንተ እንዳይደገም ብለን ነው።

የመስጂዳችን ሸይኽ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ይሰጡት የነበረውን ደርስ ለአምስት ዓመት በድምፅ ቀድተናል። ቅጂዎቹ መጀመሪያ የተቀመጡት በቢሯችን ላፕቶፕ ላይ ነበር። ላፕቶፑ ሲሞላብን 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዛንና ሁሉንም ወደዚያ ገለበጥን። ቦታ እንዲገኝ ብለን ደግሞ ከላፕቶፑ ላይ አጠፋናቸው። ከዚያ በኋላ «ባክአፕ አለን» እያልን ያለ ሐሳብ ኖርን።

ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር። ባክአፕ ማለት ዋናው ሳይነካ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ከላፕቶፑ ላይ ባጠፋንበት ሰዓት ዲስኩ ላይ ያለው ቅጂ መሆኑ ቀረና ብቸኛው ዋና ሆነ።

አንድ ቀን ዲስኩ እየሠራ ሳለ የአንድ ልጅ እግር ገመዱን ጠለፈውና ከጠረጴዛ ወደቀ። እንዲህ ዓይነት ዲስክ ውስጥ በፍጥነት የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላትም ሳህኑን ሳይነካ ከላዩ ለጥቂት ከፍ ብሎ ነው የሚሄድ። ሲወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊመታና ሊፍቀው ይችላል። የእኛም ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ይህን ድምፅ ስትሰሙ ወዲያው ንቀሉት። እኛ ግን «ምናልባት አሁን ይነሣ ይሆናል» እያልን ደጋግመን ሰካነው፤ በሰካነው ቁጥር ጉዳቱን ሳናባብሰው አልቀረንም። ጠጋኙ በመጨረሻ ተስፋ እንደሌለው ነገረን። ከ380 ደርሶች 140 የሚሆኑትን ከጀመዓው ስልክ ለቅመን አገኘን። ሌላው ሄደ። ሸይኻችን በሕይወት የሉምና ዳግም አይቀዳም።

አሁን ሁለት ዲስክ አለን። አንዱን ዲስክ ከፍሎ D እና E ማድረግ ሁለት ዲስክ እንደማያደርገው ልብ በሉ፤ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ሁለተኛውን የገዛነው ከሌላ ሱቅ፣ የሌላ ፋብሪካ ምርት ነው። አንድ ቀን ተሠርተው አብረው የተገዙ ዲስኮች አንድ ዓይነት ጉድለት ሊኖርባቸው ይችላልና።

በየሳምንቱ ከጁሙዓ በኋላ ሁለቱንም ሰክተን በዊንዶውስ Command Prompt ላይ ይህን እንጽፋለን፦

```
robocopy D:\Ders F:\Ders /E /R:1 /W:1
```

D ዋናው ዲስክ ነው፣ F ሁለተኛው። ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ This PC ውስጥ ገብተን ሳናይ አንጀምርም። ትእዛዙ አዲስ የተጨመረውንና የተለወጠውን ብቻ ይገለብጣል፤ ከሁለተኛው ዲስክ ምንም አያጠፋም። አንዳንድ ሰው በዚህ ቦታ `/MIR` እንድትጽፉ ይመክራል። እሱ ሁለተኛውን ልክ እንደ መጀመሪያው ያደርገዋል፤ ከዋናው ላይ በስህተት አንድ ፎልደር ከጠፋ ከሁለተኛውም ላይ ይጠፋል። ለእኛ ዓይነቱ ሥራ አይሆንም።

ሲጨርስ ከታች በሚወጣው ሠንጠረዥ FAILED ከሚለው ሥር ያለው ቁጥር 0 መሆን አለበት። እሱ ብቻ ግን አይበቃም። ከሁለተኛው ዲስክ ሦስት ደርስ መርጠን እንከፍታለን፤ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መሐሉንና መጨረሻውንም እናዳምጣለን። ምክንያቱም በርካሽ የሚሸጡ አስመሳይ ፍላሾችና ዲስኮች አሉ። 1 ቴራባይት ነኝ ይላሉ፤ ውስጣቸው ግን የሚይዘው ጥቂቱን ነው። የፋይሉ ስም ይታያል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው።

ከዚያ ዲስኩን በ Eject አስወጥተን እንነቅላለን፣ አንድ ወንድማችንም ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ሁልጊዜ እንደተሰካ ቢቀመጥ ላፕቶፑን የያዘው ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል። ቢሯችን መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ሌባ ወይም እሳት ሁለቱን አብሮ ይወስዳቸዋል።

አንድ ክፍተት ይቀራል። ቅዳሜ የተቀዳ ደርስ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ ሁለተኛው ዲስክ ላይ አይገኝም። ስለዚህ የሚቀዳው ልጅ ደርሱ ሁለቱም ዲስኮች ላይ መግባቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ከስልኩ ላይ አያጠፋም። ስልኩ ሞልቶ ከተቸገረ የራሱን ፎቶዎች ወደ ሌላ ያዛውራል እንጂ ደርሱን አይነካም።