ዓድዋን በትክክል የሚቆጥር ፕሮጀክት

ለፖርትፎሊዮ የሚሆን ሳይድ ፕሮጀክት ስትመርጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ሥራዬ ቢሳሳት በምን አውቃለሁ? መቶ ሰው የሠራው ዓይነት የሱቅ ድረ ገጽ ላይ ይህን ማወቅ ከባድ ነው። ቴስት መጻፍ መማር ለሚፈልግ ዴቨሎፐር እኔ የምመርጥለት የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ ነው። መልሱ ወይ ልክ ነው፣ ወይ አይደለም።

ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከምናውቀው ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ሲያልቅ ደግሞ ቀጣዩ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል። በዚህ ሕግ የተሠራ ሰንጠረዥ መስከረም 1 ቀን 2000ን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ይላል፤ ልክ ነው። አሁን የዓድዋን ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888ን ስጡት። ማርች 2 ይላችኋል፤ በዓሉን ዛሬ የምናከብረው በዚያ ቀን ነውና። ጦርነቱ የተካሄደው ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነው።

ያቺ አንድ ቀን የመጣችው ከ1900 ነው። እኛ በየአራት ዓመቱ ሳናቋርጥ አንድ ቀን እንጨምራለን፤ ጎርጎርዮሳዊው ግን ለ400 የማይካፈሉትን የመቶ ዓመት መዝጊያዎች ይዘላል። 1900ን ዘለለ፣ 2000ን አልዘለለም፣ 2100ን ይዘላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ትታችሁ ቀን መቁጠር ይሻላል፦

```python
from datetime import date

def to_gregorian(y, m, d):
    n = 2796 + 365*(y-1) + y//4 + 30*(m-1) + d-1
    return date.fromordinal(n)
```

2796 የመጀመሪያው ዓመት መስከረም 1 በፓይተን የቀን ቆጠራ የያዘው ቁጥር ነው። `to_gregorian(1888, 6, 23)` አሁን ማርች 1 ቀን 1896ን ይመልሳል።

ይህ ኮድ ግን ገና አላለቀም፤ ትምህርቱም ያለው እዚህ ነው። 2017 ጳጉሜን 6 አልነበራትም፤ ኮዱ ግን ሳያጉረመርም ተቀብሎ የ2018ን መስከረም 1 ይሰጣችኋል። ይህን የሚይዝ ቴስት ጻፉ፤ ሲወድቅ እዩት፤ ከዚያ ማረሚያውን ጨምሩ። ቀጥሎ ተገላቢጦሹን ሠርታችሁ ከ1800 እስከ 2200 ያለውን እያንዳንዱን ቀን ሂዶ መመለሱን በሉፕ አረጋግጡ። ይህ ሉፕ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሁለቱም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስህተት ካላቸው ያልፋል። እንደ ዓድዋ ያሉ ከታሪክ የታወቁ ቀኖች የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

በዓላትን ለመጨመር እጃችሁ ቢበላችሁም አትጀምሩ። ፋሲካ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ይጠይቃል፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዒድ ቀን ደግሞ ጨረቃ በመታየቷ ስለሚወሰን በስሌት ብቻ አስቀድሞ አይቆረጥም።

ጊትሃብ ላይ ስታወጡት README ውስጥ ከሁሉ በፊት የዓድዋን ቴስት አስቀምጡ፤ ሰንጠረዡ ለምን እንደሚሳሳትም በሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ ቀጣሪ ብሆን ቃለ መጠይቁን የምጀምረው ከዚያ ነው፤ ቀጥዬም 2100 ሲያልፍ ዓድዋ በየትኛው ቀን እንደሚውል እጠይቃለሁ።