ውሃው የቆመው የት ላይ ነው?

ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ ልጄ ቤት ሦስት ወር ተቀምጬ ነበር። የደም ግፊት ክኒኔን ስውጥ ውሃ የምታቀብለኝ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ናት፤ ከፍሪጁ በር ላይ ካለው መቅጃ ትቀዳልኛለች። አንድ ሰሞን ውሃው እየቀጠነ መጣና ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። «አያቴ፣ ፍሪጁ ደከመው» አለችኝ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ አዲስ ማጣሪያ ገዝታ ቀየረች። ምንም ለውጥ የለም። እንዲያውም በማግስቱ ውሃው ጭራሽ ቆመ። «የገዛሁት ብልሹ ይሆናል» ብላ ሌላ ልትገዛ ተነሣች። ማጣሪያው ደግሞ ርካሽ አይደለም።

ግሉኮስ አልወርድ ሲል ጀማሪ ነርስ ከረጢቱን ለመቀየር ይሮጣል። እኛ የተማርነው ቱቦውን ከላይ እስከ ታች በዓይን መከተል ነበር። እዚህም ያንኑ አደረግሁ። ከግድግዳው የሚመጣው ውሃ ማጣሪያው ውስጥ ያልፍና ከዚያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ በረዶ መሥሪያው፣ ሌላው ወደ በሩ መቅጃ። ስለዚህ «እስቲ በረዶውን አሳዪኝ» አልኳት። ዕቃው ሙሉ ነው፣ በረዶውም ትልልቅና ድፍን። ማጣሪያው ቢደፈን ወይም የኋላው ቱቦ ቢታጠፍ ኖሮ በረዶውም ያንሳል፣ መሐሉም ባዶ ይሆናል። እንግዲህ የተዘጋው ከመከፈያው ወዲህ፣ ወደ በሩ በሚሄደው ላይ ነው።

የልጄ ፍሪጅ ማቀዝቀዣውና በረዶ ቤቱ ጎን ለጎን የሆነ ነው፤ መቅጃው ያለው በረዶ ቤቱ በር ላይ ነው። ቀጭኑ ቱቦም በዚያው በር ውስጥ ያልፋል። ልጄ ለፋሲካ ሥጋ ገዝታ ስታስቀምጥ ቅዝቃዜውን እስከ መጨረሻው አድርጋው ኖሮ፣ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። ለበረዶ ቤት 18 ይበቃል። ውሃው ቱቦው ውስጥ እንዳለ ረግቷል ማለት ነው።

የልጄ ባል የፀጉር ማድረቂያ ይዞ መጣ። ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ኤሌክትሪክና ውሃም አይዋደዱም ብዬ መለስኩት። ሥጋውን በረዶ ወዳለበት ሣጥን አዛወርን፣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቀልን፣ በሩን ከፍተን ሥሩ ፎጣ አነጠፍን። አራት ሰዓት ያህል ተውነው። ከዚያም በኋላ ባይመጣ ኖሮ ውሃውን የሚከፍተውን ቫልቭ ለሚያይ ባለሙያ መደወል ነበረብን።

መጣ። መጀመሪያ አየር እየተፋ ተንፈራገጠ፣ ቀጥሎ ጥቁር ብናኝ አየን፤ ይሄ የአዲሱ ማጣሪያ ከሰል ነው። አሥር ሊትር ያህል ቀድተን ለአበባዎቹ አጠጣን። ቅዝቃዜውንም 18 ላይ መለስነው።

አሥር ሰከንድ ውስጥ የስኒ መለኪያ ሦስት አራተኛው ከሞላ ፍሰቱ ደህና ነው። የልጅ ልጄ ጮክ ብላ ቆጠረች፤ «አሥር!» ስትል ሦስት አራተኛውን አልፎ ነበር። «አሁን ክኒንሽን ዋጪ» አለችኝ።