ከቦኖሻ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ

የወንድሜ ልጅ ቦኖሻ ውስጥ በሚገኝ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነበረች። በክረምቱ መጨረሻ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ተቀበላትና የመልቀቂያ ማመልከቻዋን ጻፈች። ከማስገባቷ በፊት ግን ወረቀቱን ፎቶ አንስታ «አጎቴ፣ አንዴ እየልኝ» ብላ ላከችልኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሥራ ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ አይቻለሁ። ያደረግነውን ሁሉ እዚህ የምጽፈው እሷው «ሌሎች ነርሶችም ይጠቀሙበት» ስላለችኝ ነው። ስሟንና የሆስፒታሉን ስም አልጠራም።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ሥራ የሚለቀው ሳይናገር ነው። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደውን ወጣት ብዛት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመካከላቸው ደመወዝተኛም አለ። ሰኞ ጠዋት አይገባም፣ ማክሰኞ ስልኩ ዝግ ነው፣ ከሳምንት በኋላ መሻገሩ ይሰማል። መንገዱ ምስጢር ስለሚፈልግ አልፈርድባቸውም። ሆስፒታል ውስጥ ግን የዚያን ሰኞ ሌሊት ተረኛ የነበረው ሰው ቦታ ባዶ ሆኖ ያድራል። ሌሊቱን ስትሠራ ያደረችው ነርስ ጠዋት ወደ ቤቷ መሄድ ሲገባት ትቀጥላለች፤ ያውም ቦኖሻ የምትገኝበት ሻሾጎ ቆላ በመሆኑ የወባ ወቅት ሲመጣ ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን ታቅፋ የምትገባ እናት በማትጠፋበት ክፍል። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሲነሳ እኔ መጀመሪያ የማስበው ስለ ተራ ፕሮግራሙ ነው። ሕጉ አስቀድሞ ማሳወቅን የጠየቀውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ደብዳቤውን ከማየቴ በፊት «መልቀቅ ግድ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ለመማር የሚፈልግ የመንግሥት ሠራተኛ ሌላም በር አለው። መሥሪያ ቤቱ ስፖንሰር ሆኖ ከላከው ደመወዙ አይቋረጥም፤ በምትኩ ሲመለስ የሚያገለግልበትን ዘመን የሚወስን ውል ይፈርማል። ያለ ደመወዝ ፈቃድ መጠየቅም አለ፤ እሱ ግን በኃላፊው ይሁንታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስፖንሰር ለማግኘት በኮታው ውስጥ ተመልምሎ መላክ ያስፈልጋል፤ እሷ አልተመለመለችም። ያለ ደመወዝ ፈቃዱን በቃል ጠይቃ «ሰው የለንም» ተብላለች። ዲፕሎማዋን ከሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ደግሞ በራሷ ገንዘብ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ስለተማረች ከዚህ በፊት የፈረመችው የአገልግሎት ውል የለባትም። ይህን ሳያጣሩ መልቀቂያ ማስገባት አደገኛ ነው። ቀድሞ በስፖንሰር የተማረ ሰው ግዴታውን ሳይጨርስ ከለቀቀ የተከፈለለት ገንዘብ ይጠየቃል፤ ዋስ ያስፈረመ ከሆነም ጥያቄው ወደ ዋሱ ይሄዳል።

የላከችልኝ ረቂቅ ሁለት ገጽ ነበር። መጀመሪያው ምስጋና ነው፣ መካከሉ የስንት ወር የዱቲ ክፍያ እንዳልተከፈላት ይዘረዝራል፣ መጨረሻው ደግሞ «ትምህርቴን እንድማር እንድትለቁኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ» ይላል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በጣም ያሳዝናል፤ በሕግ ዓይን ግን ጉዳዩን ያበላሸዋል። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ሠራተኛው የአንድ ወር ቅድሚያ ማስታወቂያ ሰጥቶ በገዛ ፈቃዱ ሊለቅ እንደሚችል ደንግጎ ነበር። የክልሎቹ አዋጆችም በዚሁ መንገድ የተቀረጹ ናቸው፤ ቢሆንም የምትሠሩበትን ክልል አዋጅ ከሰው ሀብት ጠይቃችሁ አንቀጹን በዓይናችሁ እዩ። ማስታወቂያ የሰጠ ሰው ቀኑን ይቆጥራል። የለመነ ሰው ግን መልስ ይጠብቃል፤ ኃላፊው «ልመናሽን አልተቀበልኩም» ብሎ ሊመልስላት መንገድ ሰጥታዋለች። በግል ሆስፒታል የምትሠሩ ደግሞ የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ እዚያም የ30 ቀን ማስታወቂያ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። የመንግሥት ሠራተኛው አገልግሎት እጅግ አስፈላጊና በቀላሉ የማይተካ ከሆነ ኃላፊው ስንብቱን እስከ ሦስት ወር ሊያቆየው ይችላል። ጥቂት ነርስ ባለበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይህ ሐረግ በወረቀት ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ በእርግጥ ይሠራበታል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ጥቅምት ላይ ከሆነ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ደብዳቤ ማስገባት ምዝገባውን ለኃላፊው በጎ ፈቃድ መተው ነው። «ነሐሴ ሳያልቅ አስገቢ፤ ከዚያም በፊት ኃላፊሽን በአካል አናግሪ» አልኳት።

ቀኑን ስንቆጥር ጳጉሜን መጣችብን። ደብዳቤው ነሐሴ 20 ቢገባ 30 ቀን የሚሞላው መስከረም 15 ነው፤ ከነሐሴ 10 ቀን፣ ከጳጉሜን 5፣ ከመስከረም 15። መዝገብ ቤቱ «አንድ ወር ማለት እስከ መስከረም 20 ነው» ቢል ደግሞ የአምስት ቀን ልዩነት ይፈጠራል። በዚያ አምስት ቀን ውስጥ ሥራ ገበታዋ ላይ ካልተገኘች ቀሪ ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ያ ደግሞ ማኅደሯ ውስጥ ይቀመጣል። ክርክሩን ሳይጀመር ለመዝጋት የራቀውን ቀን መርጠን በግልጽ ጻፍነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ የመስከረም ተራ ነሐሴ 20 ላይ ገና አልወጣም። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ልጅቷን እስከ 19 ብቻ መድባ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሌሊት ለሌሎች ማከፋፈል ትችላለች። ተራው ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣ መልቀቂያ ግን ሁሉንም ነርስ ያተራምሳል።

ሁለቱ ገጽ ተጥሎ የቀረው ይህ ነው፦

«ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ። በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በነርስነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪ መደበኛ ትምህርት ተቀባይነት ስላገኘሁ ከመስከረም 20 ቀን ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኔን በሕጉ መሠረት አስቀድሜ አሳውቃለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በመደበኛ ተራዬ እየሠራሁ በስሜ ያለውን ንብረትና የክፍሉን መዝገቦች ለሚመደበው ባለሙያ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። ርክክቡ ሲጠናቀቅ የሥራ ልምድ ማስረጃና መሸኛ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ዓመተ ምሕረቱ፣ ሙሉ ስሟና ፊርማዋ ይታከላል፤ ግልባጩ ለሰው ሀብት፣ ለፋይናንስና ለሜትረኗ። የተቀባይነት ደብዳቤው ፎቶ ኮፒ አባሪ ይሆናል። ሁለት ቅጂ ይዛ መዝገብ ቤት ሄደች፤ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታ ይዛ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ የመጣ ደብዳቤ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ማንም ማስረዳት አይችልም።

የዱቲው ጉዳይ ሜዳ ላይ አልተጣለም። ያልተከፈላት ገንዘብ ላቧ ነው፤ በሌላ ወረቀት፣ ከወሩና ከተራ ፕሮግራሙ ኮፒ ጋር፣ ለፋይናንስ ለብቻው እንድታቀርበው አደረግን። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ሲገቡ መልቀቂያው የተቀየመ ሰው ቅሬታ ይመስላል፣ ክፍያውም ከስንብቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለብቻው ሲሆን ግን የክፍያ ጥያቄው ራሱን የቻለ የገቢ ቁጥር ይኖረዋል፤ እሷ ከሄደች በኋላም የሚከታተለው ሰው ቁጥሩን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል።

ያስቸገረን ክሊራንሱ ነው። ንብረት ክፍል ካርዷን ሲያወጣ ሁለት የደም ግፊት መለኪያ በሞዴል 22 ፈርማ ወስዳለች። እጇ ላይ ያለው አንድ ነው። ሁለተኛው አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል የነበረው ሲበላሽ በጥድፊያ ተሰጥቶ እዚያው ቀርቷል፤ ወረቀት አልተጻፈም፤ ደም እየፈሰሳት ያለች ወላድ ፊት ማንም ቅጽ አይሞላም። በሰነዱ ላይ ግን ባለዕዳዋ እሷ ናት። የማዋለጃዋ ኃላፊ መሣሪያውን እንደምታውቀው ባትናገርላት ኖሮ ዋጋውን ከመጨረሻ ደመወዟ ትከፍል ነበር። መሣሪያው ወደ ንብረት ክፍል ተመልሶ በሞዴል 19 ገቢ ተደረገ፤ ከዚያ ማዋለጃ ክፍሉ በራሱ ፊርማ በሞዴል 22 መልሶ ወሰደው። ይህን የሚያነብ ነርስ ካለ፣ ለመልቀቅ ባያስብም እንኳ፣ በስሙ ያለውን ካርድ ሄዶ ይይ።

የክፍሉ ርክክብ ከዚህ ይከብዳል። የተቆለፈው ሳጥን ውስጥ ያሉት እንደ ፔቲዲንና ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ ተቆጥረው፣ አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው ነው ቁልፉ የሚተላለፈው። ባዶ አምፑሉ ሳይቀር ይቆጠራል። እሷ ቆጠራውን በመጨረሻው ቀን አላደረገችውም፤ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ነው ያደረገችው፤ ቁጥሩ ቢጎድል የሚፈለግበት ጊዜ እንዲኖር።

የሥራ ልምድ ማስረጃው ተጽፎ ሲሰጣት የሥራ መደቡ «ነርስ» ብቻ ይል ነበር። ተመልሳ አስተካከለችው። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ደመወዝ እንደሠራች፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ እየተቆረጠ መከፈሉ መጻፍ አለበት። ነገ ሌላ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ስትቀጠር የቀድሞ አገልግሎቷ የሚያዝላት በዚህ ወረቀት ነው።

ከረቂቁ ያስወጣሁት አንድ ሌላ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ተከራክረናል። «ተመርቄ ቦኖሻን ለማገልገል እመለሳለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ልቧ እንደዚያ መሆኑን አውቃለሁ። ወደ ሆሳዕና ሪፈር ከተጻፈላቸው በኋላ አምቡላንስ እየጠበቁ እጇ ላይ የከበዱ ሰዎችን ስታስብ ነው ይህን ትምህርት የመረጠችው። ነገር ግን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው መደቡ አይጠበቅለትም፤ መመለስ ብትፈልግ ማስታወቂያ ሲወጣ ከሌሎች ጋር ተወዳድራ ነው። ሆስፒታሉም በድንገተኛ ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የሚቀጥርበት መደብ በመዋቅሩ ላይ ላይኖረው ይችላል። መደቡ እንዲከፈት መጠየቅ ያለበት ሆስፒታሉ ነው፤ ጊዜውም እሷ ትምህርት ላይ ሳለች ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ስትሰናበት በቃል ነገረችው፤ እሱም ለሚቀጥለው በጀት እንደሚያነሳው ነግሯታል።