ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ አንድ ስም



መጽሐፈ ነህምያን ስናነብ ብዙዎቻችን ምዕራፍ 3 ላይ ስንደርስ ቶሎ ቶሎ እናልፋለን። ስም በስም ላይ ተደርድሮበታልና ለስብከት የሚመች አይመስለንም። በጎሬ የሦስት ቀን የወጣቶች ጉባኤ ስናዘጋጅ ግን ደጋግመን ያነበብነው ይህንኑ ምዕራፍ ነው። ምዕራፉ ቅጥሩን «ሕዝቡ ሠራ» ብሎ አያልፈውም። የትኛውን በር ማን እንደሠራ፣ የአንዱ ድርሻ የት አልቆ የሌላው ከየት እንደሚጀምር ይነግረናል። ወርቅ አንጥረኞችና ሽቱ ቀማሚዎች አሉበት፤ ከሴቶች ልጆቹ ጋር የሠራ አለቃም አለ። ማንም የማይመኘው የጉድፍ መጣያ በር እንኳ የራሱ ባለ ስም አለው።

እኛም የጉባኤውን ሥራ በትልቅ ወረቀት ጽፈን በአዳራሹ በር አጠገብ ለጠፍነው፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። «ደቦ እያለን ወረቀት ምን ያደርጋል?» ያሉን አባት ነበሩ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። በደቦ አጨዳ ሁሉም አንድ ሥራ ይሠራል፣ ሁሉም ይተያያል፤ የቀረው እርሻም ለሁሉም ይታያል። የጉባኤ ሥራ ግን የተለያየ ነው፤ የሚሠራውም በየቤቱ ነው። እንጨት የሚፈልጠው እንጀራ የምትጋግረውን አያያትም። የጎደለው የሚታወቀው እንግዳው ከደረሰ በኋላ ነው። ወረቀቱ ከዓይን የተሰወረውን ሥራ ለሁላችን ያሳየናል።

በመጀመሪያው ወረቀት ላይ «ምግብ»፣ «ውሃ»፣ «ማደሪያ» የሚሉ ቃላት ነበሩ፤ ለሁለት እሑዶች ማንም ስሙን አልጻፈባቸውም። ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። «ምግብ» የሚለው ሸክም ክብደቱ ስለማይታወቅ ማንም ሊያነሣው አይደፍርም። ስለዚህ በልክ ከፋፈልነው። ከገጠር አጥቢያዎች የምንጠብቃቸው እንግዶች 120 ነበሩ። ለአንድ ሰው ለምሳ አንድ ተኩል እንጀራ ብንይዝ 180 እንጀራ ያስፈልጋል፤ አንድ ቤት 10 እንጀራ ቢያመጣ 18 ቤት ይበቃል። ለሦስቱ ቀናት ምሳ 54 መስመር አሰመርን፤ በእያንዳንዱ ላይ «10 እንጀራ» ብለን እንጀራው የሚመጣበትን ቀን ጻፍን። በጎሬ እርጥብ አየር ለሦስት ቀን የተቀመጠ እንጀራ ይሻግታልና ቀኑ የግድ ነበር። በዚያው እሑድ 41 መስመሮች ተያዙ። «ምግብ ይጎድላል» የሚለው ጭንቀትም «13 መስመር፣ ማለትም 130 እንጀራ ቀርቶናል» ወደሚል ቁጥር ተለወጠ። ይህን ያህሉን ደግሞ መግዛትም፣ ጎረቤት መለመንም ይቻላል።

ስም አጻጻፉ ላይ ሁለት ነገር ጠብቀናል። አንደኛ፣ «ወጣቶች» ወይም «የመዘምራን ቡድን» ተብሎ አይጻፍም። ረዳት ስንትም ቢሆን የሚጠየቀው አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ከመድረክ ስም ጠርተን ሥራ አልሰጠንም። በጉባኤ ፊት የተጠራ ሰው ይሉኝታ ይዞት «እሺ» ይላል፤ ያ እሺታ ግን እንደማይሠራበት ልቡ ያውቀዋል። ሰው ወደ ወረቀቱ ራሱ ሄዶ ራሱ ይጻፍ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አንድ ወጣት ቆሞ መስመር በመስመር ያነብላቸው ነበር። አንዲት እናት እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ «ዕቃ ማጠብ የሚለውን ለእኔ ጻፈው፤ ከልጅ ልጆቼ ጋር እሠራዋለሁ» አሉ። ያ መስመር እስከዚያ ሰዓት ባዶ ነበር።

ስም መጻፍና ሥራ መጨረስ ግን የተለያዩ ናቸው። ስም ተጽፎበት ዝም ያለ መስመር ከባዶው የባሰ ነው፤ ባዶውን ሌላ ሰው አይቶ ያነሣዋል፣ የተያዘውን ግን ሁሉም «ባለቤት አለው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የማይመቸው ሰው ስሙን እንዲሰርዝ ቀን ወሰንን፤ የሰረዘውንም ማንም «ለምን?» አይለውም ነበር። አራት ሰዎች ሰረዙ፤ አራቱም መስመሮች በሳምንቱ ሌላ ሰው አገኙ።

አጠያየቃችንንም ለወጥን። «ሥራው እንዴት ነው?» ሲባል የአገራችን መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሆናል» ነው። ምስጋናው እውነት ነው፤ ስለ እንጨቱ ግን የሚነግረን ነገር የለም። ስለዚህ «እንጨቱ አሁን የት ነው?» ብለን ጠየቅን። ወንድማችን ሳቀና «ገና ቆሞ ነው» አለ። ለካ ባሕር ዛፉ አልተቆረጠም! ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ተፈልጦ ከጣራ ሥር ሳምንታት መቆየት አለበት። ጉባኤው ሊደርስ አንድ ወር ገደማ ይቀረው ስለነበር በሁለት ቀን ውስጥ ተቆርጦ ተፈለጠ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን በወረቀቱ ዳር የጨመርናት «ተቀባይ» የምትል ረድፍ ናት። «አልቋል» የሚለውን ምልክት የሚያደርገው ሠሪው ሳይሆን ሥራውን የሚጠብቀው ሰው ሆነ። በእንጨቱ ላይ ምልክት የምታደርገው ወጥ የምትሠራዋ እህት ናት፤ በፍራሾቹ ላይ እንግዳ ተቀባዩ። ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ውሃ የያዘው ወንድም ሮቶውን ሞልቶ ምልክት ሊያስደርግ መጣ። ተቀባይዋ የወጥ ቤቷ እህት ግን «ለእኔ ውሃ ማለት በየማለዳው በበርሜል ከምድጃው አጠገብ የሚደርሰው ነው» አለችው። ሁለቱም «ውሃ» ይሉ ነበር፤ የሚያስቡት ግን የተለያየ ነበር። መስመሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠዋት ጠዋት የሚያመላልሱ ሁለት ወጣቶችም ስማቸውን ጻፉ።

ይህን ሁሉ ያደረግነው ለወረቀቱ ውበት አልነበረም። በመካከላችን የማትደክም የምትመስል እህት አለች። ጉባኤ በመጣ ቁጥር ባዶ የቀረው ሥራ ሁሉ ወደ እርሷ ይሄዳል፤ የዓመታት ስብከት የሰማችው በወጥ ቤቱ ግድግዳ በኩል ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይም ስድስት ቦታ ስሟን ጽፋ አገኘናት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ከእርሷ ጋር ተነጋገሩና ሁለቱን መርጣ አራቱን ለቀቀች። ማልቀሷን ያዩ ነበሩ፤ ሥራ የተቀማች ሳይመስላት አልቀረም። ከለቀቀቻቸው አራቱ ሦስቱ ሰው አገኙ። አራተኛው፣ የማታ ሻይ፣ ሰው ስላላገኘ ከፕሮግራሙ ወጣ፤ እንግዶቹ በሁለተኛው ቀን ማታ ሻይ ሳይጠጡ ተኙ። እርሷ ግን በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

የቴቁሐ ሰዎች ድርሻቸውን ጨርሰው ሌላ ክፍል እንደደገሙ ያው ምዕራፍ ይነግረናል፤ ታላላቆቻቸው ግን ለሥራው አንገታቸውን አላዘነበሉም። ሁለቱም ተጽፏል። ነህምያ እንቢ ያሉትን ሲያባብል አናይም፤ የደከሙትንም ሳያስታውስ አላለፈም። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

የእኛ ወረቀት በጉባኤው መዝጊያ አላለቀም። የመጨረሻው መስመር «ከእድር የተዋስነውን ድስትና ሳህን ቆጥሮ መመለስ» ይላል፤ መዝሙሩ ካለቀ በኋላ የሚሠራ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። ተቀባዩ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት ቆጥረው ተረከቡና ምልክቱን በእጃቸው አደረጉ። ወረቀቱን ከግድግዳው ያወረድነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናንተም አጥቢያ ውስጥ ወረቀት ተለጥፎ ከሆነ በዚህ እሑድ ቀርባችሁ አንብቡት። ስማችሁ ካለበት ተቀባዩ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የአንድ ሰው ስም ደጋግማችሁ ካያችሁ ደግሞ ከመስመሮቹ አንዱን ተቀበሉት።